ከ1,500 ብሩ ላይ 274 ብሩ የት ገባ?

ጥያቄ፦ «ከኮዬ ፈጬ ሆኜ ኦንላይን ገበያ ላይ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። በ1,500 ብር ሸጬ የገባልኝ 1,226 ብር ነው። ኮሚሽኑ 10 ፐርሰንት ነው ብለውኝ ነበር። 1,350 አይደል መግባት የነበረበት? የሂሳብ መግለጫውንና የታሪፉን ገጽ ኮመንት ላይ ለጥፌዋለሁ፣ የገባው ሰው ያስረዳኝ።»

እህቴ፣ የለጠፍሽውን መስመር በመስመር አየሁት። ድምሩ ልክ ነው፤ መለጠፊያ 20፣ ኮሚሽን 160፣ ቫት 24፣ ዴሊቨሪ 70፣ በድምሩ 274 ብር። ግን ልክ የተደመረ ሁሉ ልክ የተቆረጠ አይደለም። ከአራቱ አንዱን ልትከራከሪበት ይገባል፣ ሌላው ደግሞ አድራሻ በመቀየር ብቻ የሚቀር ነው።

1. ኮሚሽኑ። የ1,500 ብር 10 ፐርሰንት 150 ነው፣ መግለጫሽ ግን 160 ይላል። 160ን ለ0.10 ስታካፍዪው 1,600 ይመጣል። ይህ ማለት ኮሚሽኑን ያሰሉት በዕቃሽ ዋጋ ላይ ሳይሆን ደንበኛዋ ለዴሊቨሪ የከፈለችውን 100 ብር ጨምረው ነው። ያ 100 ብር አንቺ እጅ አልገባም፣ ሞተረኛው ዘንድ ነው የሄደው። አሁን ውልሽን አውጪና ኮሚሽኑ «ከዕቃው የመሸጫ ዋጋ» ነው የሚለው ወይስ «ደንበኛው ከከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ» የሚለውን እይ። የመጀመሪያው ከሆነ በእያንዳንዱ ትዕዛዝ 10 ብር ከነቫቱ 11.50 ብር ያለአግባብ ተቆርጦብሻል። ትንሽ ትመስላለች፣ በ40 ትዕዛዝ ግን 460 ብር ናት። ስልክ ደውለሽ ብትጠይቂ «ውሉን አንብቢው» ብለው ይዘጉብሻል፤ በጽሑፍ ጠይቂ። የትዕዛዙን ቁጥር፣ የተቆረጠውን፣ መቆረጥ የነበረበትንና የውሉን አንቀጽ በአንድ ገጽ አድርገሽ ላኪ። ቁጥር የያዘ አቤቱታ ለሂሳብ ክፍሉ ይተላለፋል፣ «ለምን አነሰ» የሚል ግን እዚያው ስልክ ላይ ይቀራል። ውሉ ሁለተኛውን የሚል ከሆነ ግን መብታቸው ነው፣ ዋጋሽን ስትተምኚ አስገቢው።

2. ቫቱ። 24 ብሩ የተቆረጠው ከብርድ ልብሱ ላይ ሳይሆን ከኮሚሽኑ ላይ ነው፤ እነሱ ለሰጡሽ አገልግሎት የሚከፈል 15 ፐርሰንት ነው። ስለዚህ «10 ፐርሰንት» ሲሉሽ ኪስሽ የሚያውቀው 11.5 ነው። አንቺ ራስሽ የቫት ተመዝጋቢ ከሆንሽ ደረሰኝ ጠይቂያቸው፣ 24ቱን ከምታስገቢው ቫት ላይ ታቀናንሻለሽ። ካልሆንሽ ወጪ ነው።

3. ድጎማው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ በተለይ ከከተማ ዳር የሚሸጥ። «የዴሊቨሪ ድጎማ አለ» ሲባል ገበያው ሙሉውን የሚሸፍን ይመስላል። ድጎማው ግን ጣሪያ አለው። በለጠፍሽው ታሪፍ ከኮዬ ተነስቶ ፒያሳ ለሚደርስ ዕቃ 250 ብር ይከፈላል። ደንበኛዋ 100 ከፈለች፣ ገበያው እስከ 80 ይደጉማል፣ የቀረው 70 በአንቺ ላይ ወደቀ። መግለጫው ላይ ይቺን 70 «የድጎማ ድርሻ» ብለው ስለጻፏት የተሰጠሽ ነው የምትመስለው፣ ፊት ለፊቷ የመቀነስ ምልክት አለ።

ታሪፉን ከፍ ያደረገው ደግሞ የደንበኛዋ ሰፈር አይደለም፣ ዕቃው የሚነሳበት ቦታ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ዝቅ ብለሽ እይ፤ ቃሊቲ ካለው መቀበያ የሚነሳ ዕቃ ፒያሳ ድረስ 180 ብር ነው። የደንበኛዋ 100 እና የገበያው 80 ሲደመር 180፣ ያንቺ ድርሻ ዜሮ! ስለዚህ ሞተረኛ ቤትሽ ድረስ ከምታስመጪ ዕቃውን ራስሽ ቃሊቲ ውሰጂው። ግን አንድ አንድ እያልሽ አይሁን። ለታክሲ ደርሶ መልስ 80 ብር ቢወጣብሽ ለአንድ ብርድ ልብስ ኪሳራ ነው፣ ሁለት ሲሆን 140 አድነሽ 80 ታወጪያለሽ፣ አምስት ሲሆን 350 ታድኛለሽ። በሳምንት ሁለት ቀን መርጠሽ «ማክሰኞና ዓርብ እንልካለን» ብለሽ ገጽሽ ላይ ጻፊ። ብርድ ልብሱን አየሩን አስወጥተሽ፣ ጠቅልለሽ በገመድ እሰሪው፤ የሞተሩ ሳጥን ውስጥ ካልገባ በመኪና ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ታሪፉ ሌላ ነው።

መለጠፊያዋ 20 ብር ብዙም አታሳስብ፤ ለአንድ ማስታወቂያ በወር አንዴ የምትቆረጥ ስለሆነች አራት ከሸጥሽበት ለአንዱ 5 ብር ናት። የምትጎዳው ርካሽ ዕቃን ነው። በዚሁ ታሪፍ የ300 ብር የትራስ ልብስ ብትለጥፊ 20 መለጠፊያ፣ 40 ኮሚሽን፣ 6 ቫት፣ 70 ዴሊቨሪ ሄዶ 164 ብር ይገባልሻል። የትራስ ልብሱን ለብቻው አትለጥፊው፣ ከብርድ ልብሱ ጋር አንድ ላይ አድርገሽ ሽጪ።

መግለጫሽ ላይ ገና ያልመጣ፣ ሲመጣ ግን የሚያስደነግጥሽ ነገር ደግሞ አለ፤ ተመላሽ። ክፍያሽ ዕቃው ሲደርስ ስለሆነ ደንበኛው በር ላይ «አልፈልግም» ሊል ይችላል። በታሪፉ ግርጌ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቢ፤ ዕቃው ካልተሸጠ ድጎማው ይሰረዛል፣ የመሄጃውም የመመለሻውም በሻጩ ነው። ኮሚሽን አይቆረጥብሽም፣ ግን 250 ሲደመር 250፣ 500 ብር ዕዳ ይመዘገብብሽና ከሚቀጥለው ክፍያሽ ይነሳል። ብርድ ልብሱን በ1,050 ገዝተሽ የ15 ብር ማሸጊያ ካወጣሽ ከ1,226ቱ ላይ ትርፍሽ 161 ብር ነው። አንድ ተመላሽ የሦስት ሽያጭ ትርፍ ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ደውለሽ ቀለሙን፣ ስፋቱን በሜትር፣ ሰፈሩንና ቤት የሚገኙበትን ሰዓት አረጋግጪ። የሁለት ሰው ነው የአንድ ሰው ነው የሚለው ብቻ አይበቃም፣ ጸብ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ስልክ ለማያነሳ ሰው አትላኪ።

ዋጋ አተማመን ላይ ደግሞ የጎደለውን 124 ብር 1,500 ላይ ደምረሽ 1,624 እንዳትዪ። የጨመርሽውም ላይ 11.5 ፐርሰንት ይቆረጣልና 1,335.74 ብቻ ይገባልሻል። አሁን ባለሽበት ታሪፍ ስሌቱ ይሄ ነው፦ የሚገባልሽ = ዋጋ × 0.885 − 101.50። ወደ ኋላ ስትሠሪው 1,350 እጅሽ እንዲገባ 101.50 ደምረሽ ለ0.885 ታካፍያለሽ፣ 1,640 ይመጣል። ከቃሊቲ ካስነሳሽ 101.50ው 31.50 ይሆናል፣ በ1,561 ብር ሸጠሽ ያንኑ 1,350 ታገኛለሽ። ደንበኛ የሚያየው ዋጋ በ79 ብር ቀነሰ ማለት ነው፣ የታክሲሽን ድርሻ ብትጨምሪበት እንኳ ልዩነቱ ይታያል።

የማንሻ አድራሻውን አፕሊኬሽኑ ላይ ስትቀይሪ «መኖሪያ አድራሻ» የሚለውን ሳይሆን «ዕቃ የሚነሳበት» የሚለውን ቀይሪ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከዚያ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ መግለጫ ላይ ያቺ የ70 መስመር ዜሮ ካልሆነች አልተመዘገበልሽም ማለት ነውና ሁለተኛ ዕቃ ሳትልኪ ቃሊቲ ያስረከብሽበትን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪላቸው።