የቶንሲል መድኃኒት በሦስተኛው ቀን ይቁም?

«የ7 ዓመት ልጄን ቶንሲል ይዟት አሞክሳሲሊን ታዘዘላት። በሦስተኛው ቀን ተሻላት፤ ላቁምላት? የምንኖረው ለገጣፎ ነው።»

እህቴ፣ እባክሽ እንዳታቆሚ። ትኩሳቱ ቢበርድም ባክቴሪያው ጉሮሮዋ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ይህም በኋላ ለልብ ሕመም ሊዳርጋት ይችላል። 10 ቀኑን ትጨርስ። መዋጡ ካስቸገራት ጤና ጣቢያ ጠይቂ፤ አንዴ ብቻ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አለ። መድኃኒቱ የማይስማማት ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እንጥል ማስቆረጥ ግን ቶንሲልን አይከላከልላትም፤ ደም ያፈሳታል እንጂ።

ልብን የሚጎዳው ባክቴሪያው ራሱ አይደለም። እሱን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የልብ ቫልቭን ሲያጠቃ ነው። ይህም ጉሮሮዋ ከታመመ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ስለሚመጣ ብዙ ወላጅ ከቶንሲሉ ጋር አያገናኘውም። ዛሬ ጉልበቷ አብጦ ከነገ ወዲያ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ከዞረ፣ የዚሁ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል «ስትጫወት ወድቃ ነው» ብለሽ አትለፊው። ቶሎ ውሰጃትና ልቧ ይታይ።