ሞዴል ከመምረጣችሁ በፊት መጋዘን ግቡ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። እዚሁ ጅማ ከገበሬ ቡና የሚሰበስብ ድርጅት ውስጥ ዳታ ላይ ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ አለቆቼ የኤአይ ስትራቴጂ አዘጋጂ ብለውኛል። የሚመጣውን ዓመት አቅርቦት ለመተንበይ የትኛው ሞዴል ይሻለናል?» አለችኝ። እኔ ደግሞ «መጠን የሚለው አምዳችሁ ላይ ያለው ቁጥር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ኪሎ ነዋ» አለች። «የምኑ ኪሎ?» ስላት መልስ አጣች።

እሷን አልወቅሳትም። ግን ጥያቄዋ ዛሬም የሚቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ። ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው። ነገሩ በዚህ ከተማ ብቻ የሚቀር አይመስለኝም።

በ2008 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ቡና ሰብሳቢ ድርጅት የመረጃ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ድርጅቱ በጅማ ዞን በጎማ እና በሊሙ በኩል በርካታ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ነበሩት። ትልቁ ራስ ምታት ጥሬ ገንዘብ ነበር። እሸት ቡና አይጠብቅም። የተለቀመው ቀይ ፍሬ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ገበሬው ጣቢያው በር ላይ ደርሶ ገንዘብ ከሌለ ወይ ይዞት ይመለሳል፣ ወይ መንገድ ላይ ለሚጠብቀው ሰብሳቢ በተባለው ዋጋ ይሰጣል። ስለዚህ ለየትኛው ጣቢያ ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች መጡ። ያኔ ኤአይ የሚለው ቃል እንዲህ በየስብሰባው አይነሳም፤ ማሽን ለርኒንግ ነበር የሚባለው። የአሥር ዓመት መዝገብ ወደ ኤክሴል ተገለበጠ። ከሳተላይት የተገኘ የዝናብ መረጃ ተጨመረበት። ሞዴሉ ተሠራ፤ ለየጣቢያው የዓመቱ ገንዘብም በእሱ ተደለደለ። አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ ያየሁት ግራፍ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በጣም ያምር ነበር።

አጋሮን አልፎ ባለው አንድ ጣቢያ ግን ገንዘቡ ኅዳር አጋማሽ ላይ አለቀ። አካባቢው ገና ለቀማ ላይ ነው። ገበሬዎች በፈረስና በአህያ ጭነው መጥተው ተመለሱ። ገሚሱ ቤቱ ወስዶ ከነገለፈቱ አድርቆ ጀንፈል አደረገው። ገሚሱ አስፋልት ዳር ሸጠው። ባጀት ደግሞ በማይፈልገው ሌላ ጣቢያ ተኝቶ ነበር።

ምን ሆኖ ነው? የዚያ ጣቢያ መዝገብ ያዥ አዛውንት ነበሩ፤ እጅግ ጠንቃቃ ሰው። እሸት ቡና ሲረከቡ በኪሎ ይጽፋሉ። ጀንፈል ሲረከቡ ግን እንደ አገሩ ልማድ በፈረሱላ ይጽፋሉ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሁለቱም በአንድ አምድ ውስጥ ይገባሉ። ልዩነቱን የሚያሳዩት በቀይ እስክርቢቶ ነው፤ ጀንፈል ከሆነ ከቁጥሩ ጎን ትንሽ «ጀ» ያኖራሉ። ወደ ኮምፒውተር የገለበጡት ልጆች ቁጥሩን ጻፉ፤ ቀይዋን «ጀ» ግን የት ያስገቧት? የምትገባበት አምድ አልተሠራላትም። ቀረች።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። መዝገቡ ላይ «40» አለ እንበል። 40 ኪሎ እሸት ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ንጹህ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ሰባት ኪሎ የማይሞላ ንጹህ ቡና ነው። 40 ፈረሱላ ጀንፈል ከሆነ ግን 680 ኪሎ ነው። ጀንፈል በግምት ግማሹ ንጹህ ቡና ስለሚወጣው 340 ኪሎ ይሆናል። አንድ አምድ፣ አንድ ቁጥር፣ ሃምሳ እጥፍ ልዩነት! ሞዴሉ ያንን ጣቢያ ትንሽ ጣቢያ አድርጎ ያየው ለዚህ ነው።

የሚቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አዛውንቱ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጡረታ ወጥተው ነበር። ችግሩ ሲፈነዳ ሰው ተላከባቸው፤ ዐርፈዋል ተባለ። ሌሎች ምልክቶችም ነበሯቸው፤ ከስም አጠገብ ክብ፣ ከቀን አጠገብ መስመር። የምን እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው የለም። የአሥር ዓመት የአንድ ሰው ጥንቃቄ ነው የባከነው። በሕይወት እያሉ ግማሽ ቀን አብሯቸው የተቀመጠ ቢኖር ኖሮ! አንዴ ለሥራ ስሄድ ጣቢያው በረንዳ ላይ ቡና አስፈልተው «ይህ ቁጥር ለብቻው ምንም አይናገርም» ብለውኝ ነበር። ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ወሬያችን ወደ መንገዱ ጭቃ ዞረ።

ዝናብ ካነሳሁ አይቀር፣ ሁለተኛው ጉድ እዚያ ነው የተገኘው። የእኛ መዝገብ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የሳተላይቱ ዝናብ በፈረንጅ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ የእኛ 2002 ከፈረንጆቹ 2002 ጋር ተገጠመ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ማለት ነው። ጥቅምት ደግሞ ሁለተኛ ወር ስለሆነ ከፌብሩዋሪ ጋር ገጠመ። ኮምፒውተሩ ምንም ስህተት አላሳየም። ለምን ያሳያል? የፈረንጆቹ 2002ም ዝናብ ነበረው። ይኼ ነው አደገኛው። የሚጮህ ስህተት ይስተካከላል፤ የማይጮኸው እስከ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ይደርሳል።

ሁለት ፍንጭ ግን ነበር። አንደኛው፣ አንዳንድ ረድፎች ላይ ኤክሴል ቀኑን እንደ ቀን አልቀበልም ብሎ ወደ ግራ አስጠግቶ እንደ ጽሑፍ አስቀመጠው። ለምሳሌ 30/02። በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም። በእኛ ጥቅምት 30 ነው፤ ለቀማው የደራበት ቀን። እነዚያ ረድፎች «የተበላሹ» ተብለው ተሰረዙ። ሁለተኛው ፍንጭ የባሰ ነው። የሞዴሉ ሪፖርት ዝናብ በምርቱ ላይ ያለው ተጽዕኖ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ይል ነበር። ጅማ ውስጥ የትኛዋንም እናት ጠይቁ። የበልጉ ዝናብ ሲነካው ቡናው ነጭ አበባ እንደሚለብስ፣ ዝናቡ ከቀረ አበባውም እንደሚቀር ትነግራችኋለች። ሞዴል አገር የሚያውቀውን ነገር ሲክድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳታው ነው።

አሁን እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ባክአፕ ያዙ፣ ፓስወርድ አስገቡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት የሚመስለኝ አንድ ፈተና አለ። የገባውን ከወጣው ጋር አመሳክሩ። የአንድ ጣቢያ የዓመት መዝገብ ሲደመር 90,000 አለ እንበል። ሁሉም እሸት በኪሎ ከሆነ 15,000 ኪሎ ማለትም 150 ኩንታል ንጹህ ቡና ነው መውጣት ያለበት። የመጋዘኑ መውጫ ሰነድ ግን 650 ኩንታል ይላል። ከዚያ እሸት ይህ ሁሉ ቡና ሊወጣ አይችልም። ቁጥሩ በሁለት መለኪያ መጻፉን ያኔ ትጠረጥራላችሁ። መዝገቡን በወር ከፋፍላችሁ ስታዩት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ 84,000 ኪሎ እሸት፣ ከታኅሣሥ በኋላ 6,000 ፈረሱላ ጀንፈል ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው 140 ኩንታል፣ ሁለተኛው 510 ኩንታል ንጹህ ቡና። ገጠመ። ይህን ለመሥራት ኤአይ አያስፈልግም። የመጋዘን ጠባቂው ቁልፉን እንዲከፍትላችሁ ማግባባት ነው የሚያስፈልገው።

የዘመኑ ልጆች ፓይተን ከእኔ መቶ እጥፍ ታውቃላችሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን ሚዛን አጠገብ ቆማችሁ አታውቁም። አቧራ ትሸሻላችሁ። ይህ ያሳዝነኛል። ዳታ ከሲስተም የሚወርድ ይመስላችኋል። ዳታ ከሚዛን፣ ከደከመው መዛኝ፣ ከተጣደፈ ጸሐፊ ነው የሚመጣው።

ካጸዳችሁት በኋላ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? የዳታ አስተዳደር የሚባለው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የፖሊሲ ሰነድ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ አንድ ቁጥር በሦስት ቦታ ነበር፤ ጣቢያው፣ መጋዘኑ እና ሒሳብ ክፍሉ ጋ። ሒሳብ ክፍሉ የማድረቂያውን ጉድለት ቀንሶ ያስተካክለዋል፤ ማስተካከሉን ግን ለማንም አይናገርም። የትኛው ነው ትክክል? የሚወስን ሰው አልነበረም። ለእያንዳንዱ አምድ አንድ ገጽ ጻፉ። ምን እንደሆነ፣ በምን መለኪያ፣ በየትኛው አቆጣጠር፣ ማን እንደሚጽፈው፣ ማን ሊለውጠው እንደሚችል። «መጠን» የሚለውን አምድ በባለቤትነት መያዝ ያለበት የግዢ ኃላፊው እንጂ የአይቲ ክፍሉ አይደለም። አይቲ ዕቃውን ይጠብቃል፤ ጀንፈልን ከእሸት አይለይም። የድሮው ቁጥር ላይ ደግሞ አይጻፍበትም። እርማት ካለ በአዲስ ረድፍ፣ ማን፣ መቼ፣ ለምን ከሚል ጋር ይግባ።

ስም ላይም አትመኑ። አንዱ ገበሬ በአማርኛ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ ተብሎ፣ በቁቤ ደግሞ በሌላ አጻጻፍ አራት ሰው ሆኖ ይገኛል። በተቃራኒው በአንድ ቀበሌ አባታቸውም ጭምር ሞክሼ የሆኑ ሁለት ሰዎች አንድ ይሆናሉ። የአባልነት ቁጥር ይኑር። ስልክ መለያ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ የልጅየው ነው። የገበሬውን ስምና መሬት ለውጭ ኩባንያ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። ለቡና ግዢ የሰጣችሁን መረጃ ለሌላ ጉዳይ ማዋል የእናንተ ፈንታ ብቻ አይደለም።

አሁን የማሳ መገኛ መሰብሰብ ተጀምሯል፤ የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ስለሚጠይቅ። ጅማ በግምት 7.67 ሰሜን፣ 36.83 ምሥራቅ ላይ ናት። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተቀያየሩ ማሳው አልጄሪያ ውስጥ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ያርፋል። የሰበሰባችሁትን ሁሉ ካርታ ላይ ጣሉት፤ በአምስት ደቂቃ ታዩታላችሁ።

ቅድም ዳታው ሳይጠራ ሞዴል አትንኩ የሚል መንፈስ አሳይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ሞዴል ባይሠራ ኖሮ የቀይዋን «ጀ» ነገር እስከዛሬም ላናውቅ እንችል ነበር። ስለዚህ ለሙከራ ትንሽ ሞዴል ሠርታችሁ ጉድለት ፈልጉበት፤ ይጠቅማል። ብር ግን አትደልድሉበት። አለቆቻችሁ ቸኩለው ከሆነ አንድ የለቀማ ወቅት ጠይቋቸው። በዚያ ወቅት አንድ ጣቢያ ምረጡ፤ ሁለት መቶ ደረሰኝ በእጃችሁ አውጡና ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ከመቶው ስንቱ እንደማይገጥም ጻፉና ስትራቴጂ ለጠየቃችሁ ሰው የመጀመሪያው ገጽ አድርጋችሁ ስጡት። መዝገብ ያዡ በሕይወት ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂዱ።