«ኃላፊነት ነበረኝ» የሚለውን የሲቪ መስመር እንዴት እናስተካክለው?

በሰው ኃይል ክፍል ለዓመታት ማመልከቻ ሳጣራ ቆይቻለሁ። ያልወደዳችሁትን መስመር ላኩልኝ።

ጥያቄ፦ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። «የንብረት ገቢና ወጪ የመቆጣጠር ኃላፊነት» ብዬ ጽፌያለሁ። እህታችሁ ምን አጠፋች?

ይሄ የመደቡ የሥራ ዝርዝር ነው። በሞዴል 19 ያስገባ፣ በሞዴል 22 ያወጣ ሁሉ ይጽፈዋል። ስትገቢ ምን ነበር? ምን አደረግሽ? ከዚያስ ምን ተለወጠ?

ስገባ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አይገናኙም ነበር። ቶሎ ቶሎ የሚወጡትን በየአርቡ መቁጠር ጀመርኩ። ከ600 ገደማ ዕቃ ውስጥ በዓመቱ ቆጠራ 41ዱ ይለያዩ ነበር፤ ዘንድሮ 6 ብቻ።

ታዲያ ይሄን ደብቀሽ «ኃላፊነት» ትይኛለሽ? እንዲህ ጻፊው፦

«ቶሎ የሚወጡ ዕቃዎችን በየሳምንቱ እየቆጠርኩ ከቢን ካርድ ጋር በማመሳከር፣ ከ600 ገደማ ዕቃ በዓመታዊ ቆጠራ የሚለያዩትን ከ41 ወደ 6 አወረድኩ።»

«በየሳምንቱ እየቆጠርኩ» የሚለውን እንዳታወጪው። ያለ እሱ ቁጥሩ በዕድል የመጣ ይመስላል። ሲቪው በእንግሊዝኛ ከሆነም መጀመሪያ በአማርኛ አስቢው፤ በቀጥታ ሲጻፍ እጅ ወደ «ሪስፖንሲብል ፎር» ይሮጣል።

ጥያቄ፦ ዋናው ፐርሰንት ማስገባት ነው። እኔ ሁሉም መስመር ላይ «በ30% አሻሻልኩ» ብያለሁ።

ለውጡን በቁጥር ማሳየትህ ልክ ነው። ግን የምኑ 30%? ከስንት ተነስቶ? ኢንተርቪው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ላብ በላብ ይሆናል። አምስት መስመር ሁሉ 30% ሲል ደግሞ እኔ ራሴ አላምንም። መነሻውንና መድረሻውን ጻፍ።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤቴ በሰጠኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ውጤቴ የለም። ይጨመርልኝ ልበል?

ጥያቄው ስለ ሲቪ ነበር፤ ግን ልመልስ። ደብዳቤው ብዙውን ጊዜ መደቡንና ጊዜውን ነው የሚያረጋግጠው። እነዚህ ሁለቱ ከሲቪህ ጋር ይግጠሙ እንጂ ውጤትህን አትጠብቅበት።

ጥያቄ፦ እኔ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ምን ቁጥር አለኝና?

ቁጥር አትፍጠሪ። መቅረት የጀመረ ችግር ፈልጊ።

ባለጉዳዮች ሰነድ ጎድሏቸው ይመለሱ ነበር። የሚያስፈልገውን ዝርዝር በር ላይ ለጠፍኩ።

በቃ! «የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ዝርዝር በር ላይ በመለጠፌ ሰነድ ጎድሎት የሚመለስ ባለጉዳይ ቀነሰ።» «ባለጉዳይ ማስተናገድ» ከሚለው ስንት እጥፍ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ሥራው የአራት ሰው ነበር። «አደረግሁ» ብል ውሸት አይሆንም?

እኔ «በአራት አባላት ቡድን ውስጥ» ብዬ የራሴን ድርሻ ለይቼ እጽፋለሁ። አብራኝ የምታጣራው ባልደረባዬ ግን «ቡድን የሚለውን አውጣው፣ ቦታ ይበላል» ትላለች። እስካሁን አልተስማማንም።