ለወጣት የታሪክ መምህራን፦ ነጥቡን ለማገናኘት እንጂ ለማስታወስ አትስጡ

ክፍል ውስጥ የጥያቄና መልስ ውድድር ስታዘጋጁ አብዛኞቻችሁ አንድ ዓይነት ነው የምትሠሩት። «የኢትዮጵያ አብዮት በስንት ዓ.ም. ፈነዳ?» ትላላችሁ፣ ቀድሞ እጁን ያወጣ ነጥቡን ይዞ ይሄዳል። ክፍሉ ይሞቃል። በማግስቱ «ለምን ፈነዳ?» ስትሉ ግን ረሃብ፣ የመሬት ሥሪት፣ የነዳጅ ዋጋ እያሉ የሸመደዱትን ይደረድሩላችኋል፤ አንዱን ከሌላው ምን እንዳገናኘው የሚነግራችሁ የለም።

ስለዚህ መረጃውን በነፃ ስጧቸው። ማኒላ ወረቀት ቆራርጣችሁ ዐሥራ ሁለት ያህል ካርድ ሥሩ፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ከነቀኑ ጻፉ። ለምሳሌ፦ የወሎ ረሃብ፣ 1965። በመስከረም 1966 የተጀመረው የአረብና የእስራኤል ጦርነት። የነገሌ ቦረና ወታደሮች አመፅ፣ ጥር 1966። የታክሲ ነጂዎችና የመምህራን አድማ፣ የካቲት 1966። የአክሊሉ ካቢኔ መውረድ፣ የካቲት 1966። የንጉሡ ከዙፋን መውረድ፣ መስከረም 2 ቀን 1967። ካርዱ ፊታቸው ስላለ የሚያስታውሱት ነገር የለም፤ ሥራቸው ማገናኘት ነው።

ቡድኑ ሁለት ካርድ ይመርጥና አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳመጣ ያስረዳል። ካርዱን ማንበብ ዜሮ ነው። ማን ምን እንዳደረገ የሚናገር ማያያዣ ሦስት ነጥብ አለው። ያንን ማያያዣ በማስረጃ ያፈረሰ ተቃራኒ ቡድን ሁለት ነጥብ ይወስዳል። ደወልም ፍጥነትም የለም፤ ሁለት ደቂቃ ይመካከሩ።

ልዩነቱ እንዲህ ይታያል። አንዱ ቡድን የጦርነቱን ካርድ ከታክሲ አድማው ጋር አድርጎ «ስለተቸገሩ ሕዝቡ ተቆጣ» ቢል ነጥብ አትስጡ። «ሕዝቡ ተቆጣ» ለየትኛውም አብዮት ይሆናል። «በጦርነቱ ምክንያት የዓለም ነዳጅ ተወደደ፣ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፣ ታሪፉ ያልተስተካከለለት ታክሲ ነጂ መኪናውን አቆመ» ካሉ ግን ሦስቱ ይገባቸዋል።

ሌላው ቡድን ረሃቡን ከነገሌ ቦረና ጋር ሊያያይዝ ይሞክራል፤ ሁሌም ይሞክራል፣ ምክንያቱም ረሃቡ ትልቅ ስለሆነ ሁሉን ያመጣ ይመስላቸዋል። እዚህ ጋ ተቃራኒው ቡድን «ወታደሮቹ ያነሱት የራሳቸውን ምግብና ውሃ ነው፣ ሊያናግራቸው የመጣውን ጄኔራልም ያገቱት በሱ ነው፣ ወሎ የት አለ?» ብሎ ሁለቱን ይወስዳል። ክርክሩ በዚህ አያበቃም። ረሃቡ ታዲያ የት ይገባል? ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት የረሃቡ ፊልም በቴሌቪዥን መታየቱን በአንድ ካርድ ላይ ብትጽፉ፣ ረሃቡ ወታደሮቹን ከማስነሳት ይልቅ ደርግ ንጉሡን ለማውረድ የተጠቀመበት ማስረጃ እንደሆነ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ከሁሉ የምወደው ግን «ያኔ ለምን አልሆነም?» የምለውን ካርድ ነው። ሁለት ይበቃሉ። የመጀመሪያው፦ በ1958ም ወሎ ውስጥ ረሃብ ነበር፣ መንግሥቱ ግን አልወደቀም። ሁለተኛው፦ በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ከሸፈ። በጨዋታው መሀል ዱብ አድርጓቸው። ረሃብ ብቻውን መንግሥት አይጥልም ማለት ነው፣ ታዲያ በ1966 ምን ተጨመረ? በ1953 ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ከንጉሡ ጋር ቆመው ነበር፤ በ1966 ደግሞ ያመፁት የጦሩ ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ራሳቸው ናቸው። ይህን ያየ ቡድን አምስት ነጥብ ቢያገኝ አይበዛበትም።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጎበዙ ያወራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፤ ስለዚህ ተናጋሪውን በዕጣ ምረጡ። ሌላው፣ አፈ ጮሌ ልጅ ያሸንፋችኋል። ጥሩ አማርኛ ሲናገር እናንተም ሳታውቁት ትሸልሙታላችሁ (መምህር ነንና ደስ ይለናል)። መድኃኒቱ ማያያዣውን ሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ነው፤ ተጽፎ «ማን» እና «ምን አደረገ» ከሌለበት ነጥብ የለም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ መልሱን መሸምደድ ይጀምራሉ። ያኔ ሁለት ካርድ ቀይሩ፣ ወይም አንድ አውጥታችሁ «ይሄ ባይኖር የቀረው ሰንሰለት ይቆማል?» በሉ።

ጨዋታው ዓመተ ምህረት አያስይዝም፤ አገር አቀፍ ፈተናው ደግሞ ምርጫ ስለሆነ ይጠይቃል። ለሱ ሌላ ቀን የተለመደውን የፍጥነት ጥያቄ ዐሥር ደቂቃ አጫውቱ፣ ነጥቡን ግን ከዚህኛው ጋር አትደምሩት። ከደመራችሁ ተማሪው ቀላሉን መርጦ ወደ ሽምደዳው ይመለሳል።