ቴስተሩ ስምንቱንም ያበራል፣ ፍጥነቱ ግን ከ100 አይዘልም

«ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ጌሞችን ከፕሌይስቴሽን 4 ወደ ፕሌይስቴሽን 5 በላን ገመድ ሳስተላልፍ 80 ጊጋባይት ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለቱ በጊጋቢት ስዊች ነው የተገናኙት። ከስዊቹ ፕሌይስቴሽን 5 ወዳለበት ሁለተኛው ክፍል የሚሄደው ገመድ በጣራ ላይ ያልፋል። በቴስተር ስሞክረው ስምንቱም መብራት ይበራል። ችግሩ ምንድነው?»

ወንድሜ፣ ሁለት ሰዓት ያልከው ራሱ ፍንጭ ነው። በ100 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያልፈው 11 ሜጋባይት አካባቢ ነው። 80 ጊጋባይትን በዚያ ብታካፍለው ሁለት ሰዓት አካባቢ ይወጣል። ስለዚህ መስመሩ በጊጋቢት ሳይሆን በ100 ነው የተያያዘው።

100 ሜጋቢት የሚጠቀመው ሁለት ጥንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ 1 እና 2፣ ከዚያ 3 እና 6። ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ሰማያዊው ወይም ቡኒው ጥንድ ቢበጠስ ወይም በደንብ ባይነካ፣ ብዙ መሣሪያዎች ጊጋቢቱን ሞክረው ሲያቅታቸው ወደ 100 ይወርዳሉ። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም።

ቴስተሩን አትመነው። እሱ የሚያየው ሽቦው ከዳር እስከ ዳር መድረሱን ብቻ ነው። ለስሙ የሚነካ ኮኔክተርም መብራቱን ያበራል። ከዚህ የባሰው ሽቦዎቹ በቀለም ጥንድ በጥንድ ተደርድረው ሲገቡ ነው። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቴስተሩ ያልፈዋል። ግን 3 እና 6 አብረው ከተጠመዘዙ ሽቦዎች አይደሉም፣ ምልክቱም ከጎረቤት ጥንድ ጋር ይደባለቃል።

መጀመሪያ ፕሌይስቴሽን 5ን ነቅለህ በዚያው ገመድ የጊጋቢት ሶኬት ያለው ላፕቶፕ ሰካ። በዊንዶውስ ፓወርሼል ክፈትና ይህን ጻፍ፦

```
Get-NetAdapter
```

`LinkSpeed` በሚለው ሥር `100 Mbps` ካለ፣ ላፕቶፑን ስዊቹ አጠገብ አምጥተህ በጤነኛ አጭር ገመድ እዚያው ወደብ ላይ ሰካው። `1 Gbps` ካሳየ ስዊቹ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ የጣራው ገመድ ነው።

ከዚያ ኮኔክተሮቹን ተመልከት። የውጭው ልባስ ከኮኔክተሩ ውስጥ ካልገባ፣ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር የሚሸከመው ቀጭኑ ሽቦ ነው። ሁለቱንም ቁረጥና በዚህ ቅደም ተከተል አዲስ ምታ፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ጠመዝማዛውን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታ።

ስትቆርጥ ሽቦውን በቢላ ፋቅ አድርገው። ከላዩ መዳብ፣ ከሥሩ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ታጥፎ ቶሎ ይሰበራል። እንደዚያ ካገኘኸው ኮኔክተር አታባክን። በድሬ ፀሐይ የቤት ውስጥ ገመድ ጣራ ላይ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም። ለውጭ የተሠራ ሙሉ መዳብ ግዛ፣ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው።

አዲሱን ከመታህ በኋላ `LinkSpeed`ን ድጋሚ እይ፣ ገመዱን ኮኔክተሩ አጠገብ እያወዛወዝክ። `1 Gbps` ሆኖ ካልተንቀሳቀሰ ጌሙን ላክ። አሥር እጥፍ ግን አትጠብቅ፤ ከዚያ በኋላ የሚያዘገየው የፕሌይስቴሽን 4 ሃርድ ዲስክ ነው።