የኤአይ ክሊፖችን ሰፍቶ አንድ ረጅም ቪዲዮ ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ከአዳማ፦ የእያንዳንዱን ክሊፕ የመጨረሻ ፍሬም አውጥቼ ለቀጣዩ መነሻ አደርገዋለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ የሴትየዋ ፊት ሌላ ሰው ይሆናል፣ ቀለሙም ይቃጠላል። ፕሮምፕቱን እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ ፕሮምፕቱን ተወው ወንድሜ። ከሞዴሉ የሚወጣው የመጨረሻ ፍሬም ራሱ ትንሽ የተዛባ ነው፤ የቆዳው ዝርዝር ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይደምቃል። እሱን መነሻ ስታደርገው ቀጣዩ ክሊፕ ያንን እንደ ትክክለኛ ይወስድና የራሱን መዛባት ይጨምርበታል። ስለዚህ ቪዲዮ ከመጀመራችሁ በፊት የእያንዳንዱን ክሊፕ መነሻና መድረሻ ምስሎች በሙሉ ጨርሱ።

30 ሰከንድ የቡና ሥነ ሥርዓት መሥራት ፈለግን እንበል። ዋን 2.1 በተባለው የቪዲዮ ሞዴል የተለመደው ክሊፕ 81 ፍሬም ነው፣ በሰከንድ 16፤ አምስት ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ስድስት ክሊፕ፣ ለስድስቱ ደግሞ ሰባት ምስል ያስፈልጋል። በሩ፣ ረከቦቱ ከሩቅ፣ ረከቦቱ ከቅርብ፣ ቡናው ምጣድ ላይ፣ ጀበናው ከሰል ላይ፣ ጀበናው ከሲኒው በላይ ተይዞ፣ በመጨረሻም የሞላው ሲኒ። ሰባቱን ጎን ለጎን ደርድራችሁ ቀሚሱ፣ ብርሃኑና የጀበናው ቅርጽ አንድ መሆናቸውን ተመልከቱ። ጀበናውን ከተቻለ ከቤት ፎቶ አንሡት፤ በቃል ብቻ ከተነገረው ሞዴሉ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚያ አንደኛው ክሊፕ ከምስል 1 ወደ 2፣ ሁለተኛው ከ2 ወደ 3 እያለ ይሄዳል። አራተኛው ቢበላሽ አራተኛውን ብቻ ትደግሙታላችሁ፤ ሌላው አይነካም።

ሁለት ተከታታይ ምስሎች ከተራራቁ ግን ሞዴሉ መንገድ ያጣና አንዱን በሌላው ላይ ያሟሟዋል። ከምጣዱ ወደ ጀበናው የሚሄደው ክሊፕ እዚህ ላይ ያሰጋኛል። ካሜራ ወይም እጅ በአምስት ሰከንድ ሊደርስበት የማይችል ከሆነ መሃል ላይ አንድ ምስል ጨምሩ፣ ወይም እዚያ ጋ በግልጽ ቁረጡት።

ከዱባይ፦ ምስሎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መገጣጠሚያው ላይ ግን ቪዲዮው ያዝ ለቀቅ ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ኤዲተሩ ላይ አንድ በአንድ ፍሬም እየገፋሽ እዪው። ያው ምስል ሁለት ጊዜ ከመጣ ድግግሞሽ ነው፤ ከሁለተኛው ክሊፕ ጀምሮ የመጀመሪያውን ፍሬም አውጪ። ይህ ድምፅ ለሌለው ክሊፕ ነው፦

```
ffmpeg -i 2.mp4 -vf "trim=start_frame=1,setpts=PTS-STARTPTS" -an 2b.mp4
```

ስድስቱ ክሊፖች ሲገጠሙ 481 ፍሬም ይሆናሉ።

ይህም ሆኖ ካልተስተካከለ ችግሩ ፍጥነቱ ነው። አንድ ምስል ዕቃው የት እንዳለ ይናገራል እንጂ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አይናገርም። ስለዚህ ካሜራው ወደ መጨረሻው ምስል ሲቃረብ ይዘገያል፣ ቀጣዩ ክሊፕ ላይ እንደገና ይነሣል። መገጣጠሚያውን እንቅስቃሴው በራሱ በሚቆምበት ቦታ አድርጊው፤ ለምሳሌ እጇ ሲኒውን አስቀምጣ ስታርፍ። ይህ ምስሎቹ ሲመረጡ የሚወሰን ነገር ነው፤ ለዚህ ነው ምስሎቹን አስቀድማችሁ ጨርሱ የምለው።

ኤዲተር ነኝ፦ ይህ ሁሉ ለምን? አሥር ፍሬም ዲዞልቭ ጣሉበት፣ አለቀ።

መልስ፦ ለጭስና ለግድግዳ ይሠራል። በሚንቀሳቀስ እጅ ላይ ግን ለጥቂት ፍሬም ሁለት እጅ ይታያል።

ኤዲተር ነኝ፦ በስልክ ስክሪን ማን ያየዋል? ለደንበኞቼ የሠርግ ቪዲዮ ስሠራ ሁልጊዜ የማደርገው ነው።

ከዋሺንግተን፦ የሠርግ ቪዲዮ በካሜራ የተቀረጸ ነው፣ ጥያቄው ሌላ ነው። ይልቅ ከአንድ ምስል ፈንታ የቀደመውን ክሊፕ የመጨረሻ ብዙ ፍሬሞች ወስደው የሚቀጥሉ ሞዴሎች አሉ። ፍጥነቱንም አብረው ስለሚያዩ መቆራረጡ ይቀንሳል።

መልስ፦ ስለ ፍጥነቱ ትክክል ነህ። መዛባቱ ግን የመጨረሻውን ፍሬም መነሻ ስናደርግ እንደሚሆነው ሁሉ ከክሊፕ ወደ ክሊፕ ይቀጥላል፣ መድረሻውንም አንተ አትወስንም።

ከዋሺንግተን፦ መድረሻ ምስልም አብረው የሚቀበሉ አሉ እኮ።

መልስ፦ እነሱ ላይ መዛባቱ በመድረሻው ይገታል። ምስሎቹ አስቀድመው ሳይታቀዱ ለረጅም ሥራ ይበቃሉ የሚለውን ግን ገና አልቀበልም።

ከጎንደር፦ የትኛው አፕ ይሻላል?

መልስ፦ መነሻም መድረሻም ምስል የሚቀበል ማንኛውም። ምስሎቹ ሳይኖሩ የአፕ ጥያቄ አይመለስም።

ከቴል አቪቭ፦ የአማርኛ ትረካ ድምፅስ?

መልስ፦ የእኔ ሙያ አይደለም።

ከሐዋሳ፦ እኔም ፊቱ ይቀያየርብኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። ሰባቱ ምስሎች ላይ ፊቱ አንድ ሆኖ በክሊፑ መሃል ብቻ ከተቀየረ ያንን ክሊፕ ለይተህና ሁለቱን ምስሎቹን አያይዘህ ተመለስ። «ይቀያየርብኛል» ብቻ ብትለኝ የማየው ነገር የለም።

ከሐዋሳ፦ መሃል ላይ ነው፣ ዞር ስትል።

መልስ፦ ዞር ያለችበትን ጎን የሚያሳይ ምስል የለህማ። በጎን የታየ ፊቷን ሥራና ክሊፑን ለሁለት ክፈለው።