ዲግሪዬን ላስተርጉም ወይስ ይቅር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«የተመረቅኩት አገር ቤት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ለካናዳ ላመለክት ነው። ዲግሪዬንና ትራንስክሪፕቴን ማስተርጎም አለብኝ?»

ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትራንስክሪፕት የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው። ዲግሪህ ላይም አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ካሉ እንግሊዝኛው ይበቃቸዋል። ያንተ ሥራ ሬጅስትራር ጋ ነው። እንደ WES ያሉ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅቶች ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ፤ እጅህ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይሆናቸውም። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈልክ ከሆነ ደግሞ ኦፊሻሉ ላይላክልህ ይችላልና መጀመሪያ እሱን ጨርስ።

ትርጉም የሚያስፈልገው በአማርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ ብቻ ለተጻፈ ወረቀት ነው። የታችኛ ክፍል ካርድ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤና በተለይ የሥራ ልምድ ማስረጃ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቀጣሪ ከዲግሪው ቀጥሎ የሚጠይቀው የሥራ ልምዱን ስለሆነ እሱን አትርሳ።

«አሜሪካ ነኝ። ወንድሜ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ የትምህርት ማስረጃዬን እሱ ቢተረጉምልኝስ?»

ወረቀቱን በሚቀበልሽ መሥሪያ ቤት ይወሰናል። ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከሆነ፣ ደንቡ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ አይልም። የሚጠይቀው ሙሉ ትርጉም እና የተርጓሚው የጽሑፍ ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫው ሁለት ነገር ይላል፦ ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ተርጓሚውም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን። ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻና ቀን ይኑረው። ዩኒቨርሲቲዎችና ገምጋሚ ድርጅቶች ግን ብዙዎቹ ጠበቅ ያሉ ናቸው፤ ከዘመድ የመጣ ትርጉም ሊመልሱብሽ ይችላሉ። እኔ ብሆን ለትምህርትና ለሥራ የቤተሰብ ሰው አላስገባም።

«ሙሉ» ሲባል ማህተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ በጀርባ የተጻፈው፣ በእጅ የተጨመረው ሁሉ ይተረጎማል። የማይነበብ ካለ «አይነበብም» ተብሎ ይጻፋል። ተርጓሚው ውጤትሽን ወደ አሜሪካ ጂፒኤ አይቀይርም። 78 ካለ 78 ነው፤ ማመዛዘኑ የገምጋሚው ሥራ ነው።

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዬ 2004 ይላል። የተወለድኩት በፈረንጆች 1994 ነው። ዕድሜዬ አይገጥምም ብለው መለሱልኝ!»

ይህ በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው፤ ሰውየው ምንም ሳያጠፋ ተጠርጣሪ ይሆናል። ወረቀትህን ያየው ሰው 2004ን እንደ ፈረንጆች ቆጥሮታል። በእሱ ስሌት አንተ በ10 ዓመትህ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሃል። የኛ 2004 የትምህርት ዘመን በእነሱ 2011/12 ነው፤ ስለዚህ የጨረስከው በ18 ዓመትህ ገደማ ነው።

ትርጉሙ ሁለቱንም ያሳይ። ሐምሌ 1 ቀን 2004 ዓ.ም. የሚለው፣ ዋናው እንዳለ ተጽፎ በቅንፍ ጁላይ 8 ቀን 2012 ይባላል። ሁሌም 8 ዓመት መደመር ግን ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ኅዳር 20 ቀን 2006 ኖቬምበር 29 ቀን 2013 ሲሆን፣ ጥር 20 ቀን 2006 ግን ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 ነው። ትርጉሙን ስትረከብ የቀኖቹን መስመር ራስህ ቁጠር።

ወረቀቱ ራሱ በእንግሊዝኛ ሆኖ በኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ ተርጓሚ አያስተካክለውም። ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም ዘመን የያዘ ደብዳቤ ይጻፍልህ። ስምም እንደዚያው ነው። ከአማርኛ ሲተረጎም ለተርጓሚው የፓስፖርትህን ፊደል አሳየው፤ «ፀጋዬ» በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃለህ። በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣ ስም ግን የሚታረመው በሰጪው ተቋም ብቻ ነው።

«አዲስ አበባ አስተርጉሜ ማህተም አስመትቻለሁ። ጀርመን ይቀበለኛል?»

ከመላክዎ በፊት ተቀባዩን ይጠይቁ። ጀርመን ውስጥ የሚታመነው ፍርድ ቤት ፊት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ሥራ ነው፤ ዝርዝራቸው justiz-dolmetscher.de ላይ በቋንቋ ይፈለጋል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ሰነድ ስለሚቀበሉ የእንግሊዝኛውን ትራንስክሪፕት ወደ ጀርመንኛ ለማስተርጎም አይቸኩሉ። ለሙያ ፈቃድ፣ ለምሳሌ ለነርስ፣ ግን ጀርመንኛው ሊጠየቅ ይችላል። ለተርጓሚው ኦርጅናሉን ያሳዩት፤ ከኮፒ ከተረጎመ ትርጉሙ ላይ ያንኑ ይጽፋል።

«የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም ካለው ትርጉም ለምን ይጠይቁኛል?»

ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የውጭ ጉዳይ ማህተም የሚመሰክረው ወረቀቱ ላይ ላለው ፊርማና ማህተም ነው፤ የተጻፈውን ለአንባቢው አይተረጉምለትም። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የምትሄዱ ሁለቱንም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ በአገሩ ኤምባሲ ያልፋል። የዓረብኛው ትርጉም እነዚህ ማህተሞች ካረፉ በኋላ ቢሠራ ይሻላል፤ ቀድሞ ከተሠራ ማህተሞቹ ሳይተረጎሙ ይቀራሉ፣ እንደገናም መክፈል ይመጣል።